ሊንክድኢን ላይ 8 ወር ፖስት አድርገን አንድም ደንበኛ አልመጣም፣ ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦ «7 ሰው ያለን ትንሽ የማማከር ድርጅት ነን፣ የምንሰራው መጋዘንና ስቶክ አስተዳደር ላይ ነው። 8 ወር ሙሉ በካምፓኒ ፔጃችን በሳምንት 4 ጊዜ ፖስት እያደረግን ነው፣ ፎሎወር 2,300 ደርሷል፣ ግን አንድም ደንበኛ ከዛ አልመጣም። ስራ የሚመጣልን በድሮ ደንበኞች ጥቆማ ብቻ ነው። ከምናስገባው 3 ፕሮፖዛል አንዱ ያልፋል፣ በዓመት 4 አዲስ ደንበኛ ብናገኝ ይበቃናል። አለቃዬ በቀን 100 ሰው ጋ በራሱ ሜሴጅ የሚልክ ሶፍትዌር እንግዛ፣ ፖስቱንም በቀን አንድ እናድርገው እያለ ነው። ልክ ነው? ወይስ ማስታወቂያ ብንከፍል ይሻላል?»

ምላሽ፦

ሶፍትዌሩን አትግዙ፣ ፖስቱንም አትጨምሩ፣ ማስታወቂያውንም ለጊዜው ተዉት። ሶስቱም ሀሳቦች የሚነሱት ብዙ ሰው ጋ አልደረስንም ከሚል ግምት ነው፣ የእናንተ ችግር ግን እሱ አይደለም። ቁጥሩን ራሳችሁ ሰጥታችሁኛል። ከ3 ፕሮፖዛል አንዱ የሚያልፍ ከሆነ 4 ደንበኛ ለማግኘት 12 ፕሮፖዛል ያስፈልጋችኋል፣ 12 ፕሮፖዛል ማለት ደሞ በወር አንድ ሰው ደውሎ «እስቲ መጥታችሁ መጋዘናችንን እዩልን» ቢላችሁ ነው። በወር አንድ ሰው ብቻ። ስለዚ መጠየቅ ያለባችሁ እንዴት ሺ ሰው ጋ እንደምትደርሱ ሳይሆን ያ አንድ ሰው ማን እንደሆነና ችግሩ ሲብስበት የእናንተ ስም ቀድሞ ትዝ እንዲለው ከዛ በፊት ምን አንብቦ መሆን እንዳለበት ነው።

መጀመሪያ ፔጁ ለምን እንዳልሰራ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይሄን ካልተረዳችሁ በቀን አንድም ብትፖስቱ ያው ነው። የፔጁ አናሊቲክስ ውስጥ ፎሎወሮች የሚለውን ክፈቱና በስራ ዘርፍና በሃላፊነት ደረጃ ከፋፍላችሁ እዩት። በብዙ ትናንሽ አማካሪ ድርጅቶች ፔጅ ላይ ያየሁት ነገር ተመሳሳይ ነው፤ አብዛኛው ፎሎወር ስራ ፈላጊ፣ ተማሪ፣ የራሳችሁ ጓደኞችና እንደናንተ አይነት ሌሎች አማካሪዎች ናቸው። መጋዘን ያለው ድርጅት ኦፕሬሽን ሃላፊ የማያውቀውን አማካሪ ድርጅት ፔጅ ፎሎው የሚያደርግበት ምክንያት የለውም፣ ሊንክድኢንም ቢሆን የፔጅ ፖስትን ለሰው የሚያሳየው ከግለሰብ ፖስት በጣም ባነሰ መጠን ነው።

ግን ከአልጎሪዝሙ በላይ የሚከብደው የማማከር ስራ ባህሪ ነው። ማማከር ላይ ገዢው የሚገዛው ጭንቅላት ነው፣ ጭንቅላት ደሞ ሳይገዙት በፊት እንደ ዕቃ ገልብጠው አያዩትም። ስለዚ ገዢው ሲያነባችሁ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፣ ይሄ ሰው የኔን ችግር ሲያይ እንዴት ነው የሚያስበው? ሎጎ አያስብም። በዓል ሲመጣ እንኳን አደረሳችሁ የሚል ፖስተርም፣ ስብሰባ ላይ የተነሳችሁት የቡድን ፎቶም ለዚ ጥያቄ መልስ አይሰጥም። መልስ የሚሰጠው መጋዘን ውስጥ ገብቶ ስራውን የሚሰራው ሰው፣ በራሱ ስምና በራሱ ፕሮፋይል ሲጽፍ ብቻ ነው። ፔጁን አትዝጉት፣ የሱቅ ታፔላ አድርጋችሁ ያዙት፣ ምን እንደምትሰሩና የት እንደምትገኙ በትክክል ይጻፍበት፣ በወር አንዴ ይነካካ ይበቃዋል። ሰው ስለናንተ ሲያጣራ ገብቶ ያየዋልና ባዶ አይሁን።

ሁለተኛው መታረም ያለበት ነገር ፖስት አይቶ ወዲያው ይደውላል የሚለው ግምት ነው። የኤረንበርግ ባስ ኢንስቲትዩቱ ፕሮፌሰር ጆን ዶውስ በ2021 ከሊንክድኢን ቢቱቢ ኢንስቲትዩት ጋር ያወጣው 95 ለ5 የሚባል ሀሳብ አለ። ሂሳቡ ቀላል ነው። ድርጅቶች አንድን አይነት አገልግሎት የሚሰጣቸውን በአማካይ በ5 ዓመት አንዴ ይቀይራሉ ብንል በዓመት ገበያ ላይ የሚወጡት 20 ከመቶ ናቸው፣ በአንድ ሩብ ዓመት ደሞ 5 ከመቶ ብቻ። ቁጥሩ ለናንተ ዘርፍ ትንሽ ከፍ ወይ ዝቅ ሊል ይችላል፣ ዋናው ነገር ዛሬ ፖስታችሁን ከሚያዩት ትክክለኛ ሰዎች አብዛኞቹ ዛሬ አማካሪ አይፈልጉም። ስለዚ በየፖስቱ መጨረሻ «ያግኙን፣ ደውሉልን» ማለት ለማይፈልግ ሰው መወትወት ነው። ፖስት የሚሰራው ስራ ማስታወስ ነው። ዛሬ ያነበበው ሰው ከ7 ወር በኋላ ኦዲተር መጥቶ የስቶክ ልዩነት ሲያወጣበት «ያ ስለ ቆጠራ የሚጽፈው ሰውዬ» ካለ ስራችሁን ሰርታችኋል።

ያንን እንዲል ግን ስለ አንድ ነገር የምትታወቁ መሆን አለባችሁ፣ እዚ ላይ ነው አብዛኛው ድርጅት የሚፈራው። ሰፕላይ ቼይን ሰፊ ነው፣ ስቶክ አስተዳደርም ሰፊ ነው። ለእናንተ የምመርጠው አንድ ችግር ሲስተሙ የሚለው ቁጥርና መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ አለመገጣጠም ነው። ለምን ብትሉ፣ ይሄ ችግር ያለበት ሰው ችግር እንዳለበት ያውቃል፣ ያመዋልም። መጋዘን ሃላፊው ይወቀስበታል፣ ፋይናንስ ማናጀሩ ለኦዲተር ማስረዳት ያቅተዋል፣ ሽያጩ ደሞ የሌለ ዕቃ ሸጦ ከደንበኛ ጋር ይጣላል። ሶስቱም አንድ ድርጅት ውስጥ ናቸው፣ ሶስቱም ሊያነቧችሁ ይችላሉ። ሌላውን ስራ አትሰሩም ማለት አይደለም እኮ፣ በሩ አንድ ይሁን ነው የምለው፣ አንዴ ከገባችሁ ቤቱ ውስጥ ብዙ ስራ አለ።

አሁን ፖስቱ ምን ይምሰል ወደሚለው ልምጣ። እናንተ ፔጅ ላይ እየወጣ ያለው እንደምገምተው «የስቶክ አስተዳደር ለድርጅት እድገት ያለው 5 ጥቅም» አይነት ነው። ይሄን ማንም ሊጽፈው ይችላል፣ መጋዘን ገብቶ የማያውቅም ጭምር፣ ስለዚ ስለናንተ የሚናገረው ነገር የለም። በሱ ፈንታ እንደዚ ያለ ነገር አስቡ፦

«ሲስተሙ 400 ካርቶን ይላል፣ መደርደሪያው ላይ 362 አለ። ሁሉም ሰው ቀድሞ የሚያስበው ስርቆት ነው።

38ቱን ከመፈለጋችሁ በፊት አንድ ነገር እዩ። ቆጠራው የተካሄደው ስንት ሰዓት ነው፣ የእለቱ የወጪ ሰነድ ሲስተም ላይ የገባውስ ስንት ሰዓት ነው? ዕቃው ጠዋት 2 ሰዓት ተጭኖ ወጥቶ ሰነዱ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ከገባ፣ በመሃል የቆጠረ ሰው ሁሌም ጉድለት ያገኛል። ሌባ የለም፣ የዘገየ ወረቀት ነው ያለው።

የባሰው የሚመጣው ጉድለቱን እዛው ስታስተካክሉት ነው። ሲስተሙን ወደ 362 ዝቅ አደረጋችሁት፣ 10 ሰዓት ላይ የጠዋቱ ሰነድ ሲገባ ደሞ 38 ቀንሶ 324 ይላል። መደርደሪያው ላይ ግን አሁንም 362 ነው። ጠዋት ጉድለት፣ ማታ ትርፍ፣ በመሃል አንድም ካርቶን አልተነካም።

ከቆጠራ በፊት ያልገባ የወጪም የገቢም ሰነድ እንዳይኖር አድርጉ፣ ካለም ለብቻ ዘርዝሩትና ልዩነቱን ስታሰሉ ከሱ ጋር አመሳክሩት።»

በቃ ይሄ ነው። ምን እንዳለው ተመልከቱ፣ ቁጥር አለው፣ ሰዓት አለው፣ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አለው፣ ዛሬውኑ ሊሰራ የሚችል መፍትሄ አለው። «ያግኙን» የሚል የለውም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አረፍተ ነገሮች አጭር የሆኑትም በምክንያት ነው፣ ሊንክድኢን ፊዱ ላይ የሚያሳየው የመጀመሪያዎቹን ሶስት መስመር አካባቢ ብቻ ነው፣ ከዛ «ሲ ሞር» ይላል፣ ስለዚ ህመሙ እዛ ሶስት መስመር ውስጥ መታየት አለበት። አንድ ፖስት እስከ 3,000 ፊደል ይይዛል ግን መሙላት አያስፈልግም።

እዚ ጋ አለቃችሁ «ዘዴያችንን በነጻ መስጠት አይደለም ወይ?» ሊል ይችላል፣ ብዙዎች ይሉታል። አይደለም። አንድ ፖስት አንብቦ ችግሩን ፈትቶ የሚጨርስ ሰው ድሮም ደንበኛችሁ አይሆንም ነበር። ደንበኛችሁ የሚሆነው አንብቦ የሞከረ፣ የዘገየውን ሰነድ ያስተካከለና ልዩነቱ ከ38 ወደ 21 ወርዶ እዛ ላይ የቆመበት ሰው ነው። እሱ አሁን መንስኤው አንድ እንዳልሆነ ገብቶታል፣ አንዱን መንስኤ በትክክል የነገረው ሰው ማን እንደሆነም ያውቃል።

ይሄን የሚጽፈው ማነው? ጥያቄያችሁን ሳየው የምትጽፉት እናንተ ሶሻል ሚዲያ የያዛችሁት ናችሁ፣ እውቀቱ ያለው ግን መጋዘን የሚሄዱት አማካሪዎች ጋ ነው። አማካሪውን ጻፍ ብትሉት አይጽፍም፣ ጊዜ የለኝም ይላል፣ እውነቱንም ነው። ስለዚ በሳምንት አንዴ 30 ደቂቃ ያዙት፣ ስልክ ላይ ቅዱትና ሶስት ነገር ጠይቁት። በዚ ሳምንት ደንበኛ ምን ጠየቀህ? የት ቦታ ስህተት አየህ፣ እንዴትስ አወቅከው? ሌሎች አማካሪዎች የሚመክሩት ሆኖ አንተ የማትስማማበት ምንድነው? ከሶስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ምርጡ ፖስት ይወጣል። ከአንድ ቅጂ ሁለት ፖስት ታወጣላችሁ፣ በራሱ አነጋገር ጻፉለት፣ እሱ አንብቦ አርሞ በራሱ ፕሮፋይል ያወጣዋል። ኮሜንት ሲመጣ ግን የሚመልሰው እሱ ራሱ ነው፣ እዚ ላይ አትተኩለት፣ ገዢው የሚፈትነው እዛ ነውና በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይታወቃል። በሳምንት 2 ፖስት ይበቃል፣ ሰውም አንድ ይበቃል ለመጀመሪያ፣ ሰባታችሁም አንድ ላይ አትጀምሩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የደንበኛ ምስጢር ላይ በጣም ተጠንቀቁ። ስም አልጠራሁም ብሎ ነገር አይበቃም፣ የአማካሪውን ፕሮፋይል የሚያዩ ሰዎች አሁን የት እየሰራ እንደሆነ ያውቃሉ፣ ደንበኛውም ራሱ ያነበዋል። ስራው ካለቀ ቆይቶ ጻፉት፣ ቁጥሩን ቀይሩት፣ የዕቃውን አይነት ቀይሩት፣ የሁለት ሶስት ቦታ ነገር ቀላቅላችሁ አውጡት፣ ምሳሌው ለማስረዳት የተቀየረ መሆኑንም በግልጽ በሉ። ውላችሁ ላይ ምስጢር የመጠበቅ አንቀጽ ካለ ደሞ እሱን አንብቡ መጀመሪያ። አንድ ደንበኛ ተቀይሞ ከሚሄድ አስር ፖስት ቢቀር ይሻላል።

ፖስቱ ብቻውን ግን የስራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ማን እንደሚያየው መወሰን ነው፣ ይሄ ደሞ በእጃችሁ ነው። ተቀምጣችሁ 80 ድርጅት በስም ጻፉ። መጋዘን ያላቸው፣ እናንተ ልትሰሩላቸው የምትችሉት መጠን ያላቸው፣ ብትሄዱ የምትጠቅሟቸው። ከእያንዳንዱ ሁለት ሶስት ሰው ፈልጉ፣ ኦፕሬሽን ሃላፊ፣ መጋዘን ሃላፊ፣ ፋይናንስ ማናጀር። ወደ 200 ሰው ይሆናል። አማካሪው በሳምንት ከ10 እስከ 15 ለሚሆኑት ኮኔክሽን ሪኩዌስት ይላክ፣ ያለ ምንም ሽያጭ፣ በመሃል የጋራ የሚያውቁት ሰው ወይም የጋራ ጉዳይ ካለ አንድ አረፍተ ነገር ጽፎ። በዚ ፍጥነት በአራትና አምስት ወር ሁሉንም ያዳርሳል። የተቀበሉት ፖስቱን ፊዳቸው ላይ ማየት ይጀምራሉ፣ እሱም የነሱን ያያል።

የነሱን ማየቱ ትልቅ ነገር ነው። ከ200ው ውስጥ የሚጽፉት ጥቂት ናቸው፣ ሲጽፉ ግን አማካሪው ገብቶ «ግሩም ነው፣ በርቱ» ሳይሆን ቁም ነገር ይጻፍ። ለምሳሌ አንድ ኦፕሬሽን ሃላፊ አዲስ መጋዘን ከፈትን ብሎ ፎቶ ከለጠፈ፣ «እንኳን ደስ አላችሁ» ብሎ «መረከቢያውና መጫኛው በር አንድ ከሆነ በመጀመሪያው ወር ገና ያልተረከባችሁት ዕቃ ከሚወጣው ጋር እንዳይቀላቀል መሬቱ ላይ በቀለም ለዩት» ቢል፣ ያ ኮሜንት ለዛ ሰውዬም ለሱ ጓደኞችም ይታያል። ከብዙ ፖስት ይበልጣል። በቀን 20 ደቂቃ ለዚ ይመደብ።

ኢንቦክስ መቼ ይገባል? ምልክት ሲኖር ብቻ። ሰውዬው ኮሜንት ከጻፈ፣ ጥያቄ ከጠየቀ፣ ፕሮፋይሉን ደጋግሞ ካየ ወይም አዲስ ሃላፊነት ላይ ከተሾመ። የመጨረሻውን አትናቁት፣ አዲስ የተሾመ ሰው የቀድሞውን ሰው ስቶክ ተረክቦ መፈረም አለበትና ያኔ ነው የሚጨነቀው። ሜሴጁም እንደዚ ይሁን፦

«ሰላም እንዴት ነዎት። ትናንት ኮሜንት ላይ ሁለት መጋዘን እንዳላችሁ ጽፈው አይቼ ነው። በሁለቱ መሃል የሚዘዋወረው ዕቃ መንገድ ላይ እያለ ሲስተሙ ላይ የራሱ ቦታ አለው ወይስ ከአንዱ እንደወጣ ቀጥታ ሌላው ላይ ይገባል? ሁለተኛው ከሆነ የቁጥር ልዩነት ከዛ ሊመጣ ይችላል። የምናረጋግጥበት አንድ ገጽ ወረቀት አለን፣ ከፈለጉ እልክልዎታለሁ።»

ስብሰባ እንያዝ አላለም፣ ድርጅታችን ምናምን አላለም። ለመመለስ አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ጥያቄ ነው የጠየቀው፣ ጥያቄው ደሞ ራሱ እውቀት ያሳያል። ከመለሰና ነገሩ ከከበደው ራሱ ነው «መጥታችሁ ብታዩት» የሚለው፣ ያንን ነው በወር አንዴ የምንፈልገው።

ሶፍትዌሩን ለምን አጥብቄ እንደተቃወምኩ አሁን ግልጽ ይመስለኛል ግን ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ የሊንክድኢን የአጠቃቀም ውል በራሱ ሜሴጅ የሚልክና ኮኔክሽን የሚጠይቅ ቦት ይከለክላል፣ በሳምንት የሚላከው ኮኔክሽን ሪኩዌስትም ገደብ አለው፣ በተግባር የሚታየው በሳምንት 100 አካባቢ ነው፣ በቀን 100 የሚባለው ከመነሻው አያስኬድም። የሚታገደው ደሞ ፔጁ አይደለም፣ የሰውዬው የራሱ አካውንት ነው። አንድ የማውቀው ድርጅት ይሄን ተጠቅሞ የዋና አማካሪያቸው አካውንት ተገደበ፣ ያውም ትልቅ ጨረታ ላይ ሆነው ከገዢው ጋር በኢንቦክስ እየተጻጻፉ ባሉበት ሳምንት። መልሰው እስኪያገኙት ድረስ አማካሪው ለምን ዝም እንዳለ ለገዢው ማስረዳት አልቻሉም፣ እስካሁን ያንን ሳስብ ያናድደኛል፣ ዓመታት የተሰራ ግንኙነት ነበር። ሁለተኛ ገበያችሁ 200 ሰው ነው። ሁሉም ላይ አንድ አይነት ሜሴጅ ብትለቁባቸው ዝርዝሩ በሁለት ቀን ያልቃል፣ ከዛ ሌላ 200 ሰው የላችሁም።

ፕሮፋይሉን ቶሎ ልለፈው፣ የግማሽ ቀን ስራ ነው። ሄድላይኑ 220 ፊደል ይይዛል፣ «ማኔጂንግ ፓርትነር» ብቻ ተጽፎበት ከሆነ ቀይሩት፣ «የሲስተምና የመደርደሪያ ቁጥር የማይገጥምላቸው መጋዘኖች ላይ እሰራለሁ» የሚል ነገር ይሁን፣ ምክንያቱም ኮሜንት በጻፈ ቁጥር ከስሙ ስር የሚታየው እሱ ነው። ፊቸርድ የሚለው ክፍል ላይ ያቺን አንድ ገጽ ማረጋገጫ አስቀምጡ፣ ኢሜል ሳትጠይቁ በነጻ ትውረድ።

ልኬት ላይ ግን ልቆይ፣ አለቆች የሚሳሳቱት እዚ ነው። ፖስት ወጥቶ ከቆየ በኋላ አናሊቲክሱ ውስጥ ማን እንዳየው በስራ መደብ፣ በድርጅት፣ በሃላፊነት ደረጃ ያሳያችኋል። እንበልና አንድ ፖስት 11,000 ቪው አመጣ፣ ስለ ስራ ቃለ መጠይቅ የጻፋችሁት ነው፣ ተመልካቹ ስራ ፈላጊና የሰው ሃይል ሰራተኛ ነው። ሌላው፣ ያ የ38 ካርቶኑ ፖስት፣ 740 ቪው አመጣ፣ ግን ከላይ የሚታዩት መደቦች ኦፕሬሽን ማናጀርና መጋዘን ሃላፊ ናቸው፣ ከዝርዝራችሁም ሁለት ድርጅት ስማቸው አለ። ሁለተኛው ነው የሰራው። ላይክ ቢቆጠር ግን የመጀመሪያው ያሸንፍና አለቃችሁ እንደሱ ጨምሩ ይላል፣ በሶስት ወር ውስጥ የስራ ምክር ፔጅ ሆናችሁ ታገኙታላችሁ ራሳችሁን። ስለዚ 200ውን ሰው አንድ ሽት ላይ አስቀምጡና ከስማቸው ጎን ምልክት አድርጉ፣ ተቀበለ፣ ኮሜንት ሰጠ፣ ሜሴጅ መለሰ፣ ተነጋገርን፣ ፕሮፖዛል ጠየቀ። ለአለቃችሁ በየወሩ የምታሳዩት እሱን ብቻ ይሁን። ደሞ የሚደውል ሰው ሁሉ «እንዴት ሰሙን?» ይባል፣ መልሱም በራሱ ቃል ይጻፍ። አብዛኛው አንባቢ ላይክ አያደርግም፣ ሊንክም አይነካም፣ ዝም ብሎ 5 ወር አንብቦ አንድ ቀን ይደውላል፣ ይሄን የትኛውም አናሊቲክስ አያሳያችሁም።

በጊዜ ደረጃ እኔ የምጠብቀው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሶስት ወራት ኮሜንትና የኢንቦክስ ወሬ፣ ከ4 እስከ 6 ወር ባለው የመጀመሪያውን ፕሮፖዛል ነው። በሚቀጥሉት ሁለት ወራት ደሞዝ የሚከፈልበት ስራ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ይሄ መንገድ አያደርሳችሁም፣ ለዛ የድሮ ደንበኞቻችሁን በስልክ ደውላችሁ «ባለፈው ያስተካከልነው ቁጥር አሁንም ልክ ነው?» ብትሉ ቶሎ ስራ ይወጣል።

ማስታወቂያውን ለጊዜው ተዉት ያልኩት ለዚ ነው፣ መጀመሪያ ትክክለኛው ሰው የወደደው ፖስት ይኑራችሁ። ከ2023 ጀምሮ ቶውት ሊደር አድ የሚባል አለ፣ ፔጁ የግለሰቡን ፖስት በሱ ፈቃድ ከፍሎ ለተመረጡ ድርጅቶች ያሳያል። ያ የ740 ቪው ፖስት ለ80ዎቹ ድርጅቶች ኦፕሬሽንና ፋይናንስ ሰዎች ብቻ ቢታይ ጥሩ ገንዘብ አጠቃቀም ነው፣ ተመልካቹ ግን ቢያንስ 300 ሰው ካልሞላ ማስታወቂያው አይነሳምና ማጥበቁን በልክ አድርጉት። ፎርም አስሞልቶ ኢሜል የሚሰበስበውን አይነት ግን ለእናንተ አልመክርም። ፎርሙ የሰውዬውን መረጃ በራሱ ስለሚሞላለት ሁለት ጊዜ ተጭኖ ያልፋል፣ እናንተ 60 ሊድ አገኘን ትላላችሁ፣ ስትደውሉ ግን ማን እንደሆናችሁ አያስታውስም።

ይሄን ሁሉ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ የአንድ ሰዓት ስራ ስሩ። ከ80ው ድርጅት 20 ሰው ምረጡና ፕሮፋይላቸውን ክፈቱ። ፎቶ አላቸው? አሁን ያሉበት ስራ ተጽፏል? አክቲቪቲ የሚለው ስር በቅርብ ወራት ላይክም ቢሆን ያደረጉት ነገር አለ? ከ20ው 10 የሚሆኑት ካሉ ጀምሩ። 4 ወይም 5 ብቻ ከሆኑ ገዢያችሁ ሊንክድኢን ላይ አይኖርም ማለት ነው፣ ያኔ እነዛኑ ጽሁፎች አሳትማችሁ ወይም በኢሜል አድርጋችሁ በእጁ ስጡት፣ የዘርፍ ማህበር ስብሰባ ላይ አቅርቡት፣ ሊንክድኢን ደሞ ስማችሁን ፈልጎ ሲያጣራ የሚያገኘው ቦታ ብቻ ይሁን።

ጀምራችሁ 4 ወር ከሄዳችሁ በኋላ ደሞ ሽቱን ክፈቱና ኮሜንት የሚሰጡት እነማን እንደሆኑ እዩ። ሌሎች አማካሪዎች ብቻ ከሆኑ የምትጽፉት ለሙያ አጋሮቻችሁ ነው፣ ቋንቋው ወደ ቲዎሪ ሄዷል ማለት ነው፣ አማካሪውን ወደ መጋዘኑ ወለል መልሱት። ከዝርዝሩ ሰዎች ኮሜንት እየሰጡ ግን ማንም ኢንቦክስ ካልገባ ርዕሱ ልክ ነው፣ የጎደለው ጥያቄ የሚጠይቀው ሜሴጅ ነው። ምንም ከሌለ ግን ፖስት አትጨምሩ፣ ችግሩን ቀይሩት፣ ለምሳሌ ጊዜው ስላለፈበት ዕቃ ጻፉና ለዛው 200 ሰው ሌላ 3 ወር ሞክሩት።